የቀን እንቅልፍ፣ የእቁብ ዕዳና የአማት የዓይን ጠብታ፦ የአንድ ትዳር የመጀመሪያ ዓመት

ባልና ሚስቱ የተጋቡት በጥር 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ነው። እሱ የ33 ዓመት ሰው ነው፤ በአንድ የግል ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ ሆኖ ይሠራል። ተወልዶ ያደገው ደብረ ብርሃን ሲሆን አባቱ ከሞቱ ወዲህ እናቱን የሚጦረው እሱ ነው። እሷ 28 ዓመቷ ነው፤ በመንግሥት ሆስፒታል ነርስ ናት፣ ወላጆቿም ኮልፌ ይኖራሉ። የተከራዩት ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ ቤት ነው። የሁለቱም ስም እዚህ አይጠቀስም፤ ማንነታቸውን ሊያሳውቁ የሚችሉ ነገሮችም ተለውጠዋል።

ጉዳዩ ወደ ጋብቻ አማካሪ የመጣው በሐምሌ 2015 አጋማሽ፣ ሚስት ልብሷን ይዛ ወላጆቿ ቤት ከገባች በዘጠነኛው ቀን ነው። ይዘዋቸው የመጡት ሁለት ሽማግሌዎች፣ የሚስት አጎትና የባል አንደኛ ሚዜ ነበሩ። ሽማግሌዎቹ የፈለጉት በዚያው ቀን እርቅ አውርደው፣ ጉልበት አስመው፣ ልጅቷን ወደ ቤቷ መመለስ ነበር። አማካሪዋ ግን ለአንድ ሳምንት እንዲታገሡ ለመነቻቸው። ምክንያቷ ቀላል ነው፤ ሁለቱ ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ታርቀዋል። አንዴ በፋሲካ ማግስት፣ አንዴ ደግሞ በሰኔ። ሁለቱም ጊዜ "ይቅር ተባባሉ" ተብሎ አለቀ እንጂ ቤት ውስጥ ማን ምን ሰዓት ምን እንደሚያደርግ የተለወጠ ነገር አልነበረም። እንዲህ ያለው እርቅ ቂምን ያነሣል፤ ቂሙን የወለደውን ነገር ግን ካለበት አያነቃንቀውም።

ሁለቱ ለየብቻ ሲጠየቁ የሰጡት ክስ ከብዙ አዲስ ተጋቢዎች አፍ የሚሰማው ነው። እሱ "እናቴን አታከብርም፣ ቤቱን ትታ ትተኛለች፣ የቤታችንን ነገር ሁሉ ለእህቷ ትናገራለች" አለ። እሷ "ገንዘቡን የት እንደሚያደርገው አላውቅም፣ እናቱ ፊት አንድም ቀን ከጎኔ ቆሞ አያውቅም" አለች። ክሶቹ ሁሉ ስለ ጠባይ ናቸው። ጠባይ ላይ የተመሠረተ ክስ ደግሞ መውጫ የለውም፤ "አክብሪ" የተባለች ሴት ነገ ጠዋት ተነሥታ ምን ማድረግ እንዳለባት አታውቅም። ስለዚህ አማካሪዋ የዓመቱን ታሪክ ትተው የመጨረሻውን ጠብ ብቻ፣ በሰዓት በሰዓት እንዲተርኩ አደረገች።

የመጨረሻው ጠብ እንዲህ ነበር። ሚስት ሌሊቱን ተረኛ ነበረች። ሥራ የገባችው በዋዜማው ከአመሻሹ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሲሆን የወጣችው ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ታክሲ ተራ ተሰልፋ ጀሞ ስትደርስ 4 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። የአማቷን የዓይን ጠብታ አድርጋ፣ ፊቷን ታጥባ ተኛች። 5 ሰዓት ተኩል ላይ አማቷ ሁለት ጎረቤቶች ጠርተው ሳሎን ውስጥ ቡና አፈሉ። በሳሎኑና በመኝታ ቤቱ መካከል ያለው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሚስት በሌሊት ልብሷ እንዳለች ወጥታ "እባካችሁ ትንሽ ቀስ በሉልኝ" ብላ ተመለሰች። ጎረቤቶቹ አፍረው ወጡ። አማት አለቀሱ፤ ደብረ ብርሃን ያለችው ልጃቸው ዘንድ ደወሉ። ልጅየዋ ለወንድሟ ደወለች። እሱ ከቢሮው ለሚስቱ ደወለና ገና "ሃሎ" ሳትል "እናቴን በሰው ፊት አዋረድሻት" አላት። እሷም ስልኩን ዘግታ ሻንጣ አወጣች።

ይህ ሰንሰለት ሲጻፍ አንድ ነገር ታየ። ባል ስለ ጠቡ የሰማው በሦስተኛ አፍ ነው። ሚስቱን "ምን ሆነ?" ብሎ አልጠየቃትም፤ የሰማውን ነገራት። እሷም በበኩሏ ከሌሊት ሥራ በኋላ የተኛችው አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ መሆኑን አልነገረችውም። እሱ ቀን ቤት ስለማይውል የሚስቱ እንቅልፍ ምን እንደሚመስል አይቶ አያውቅም።

አማካሪዋ ቀጥላ ያሠራቻቸው ነገር አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ የአንድ ሳምንት ሠንጠረዥ መሙላት ነው። አግድም ሰባቱ ቀኖች፣ ቁልቁል ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ያለው ጊዜ ይጻፋል፤ በየሰዓቱ ቤት ውስጥ ያለው ማን ነው፣ ማን ተኝቷል፣ እሳት የሚያነደው ማን ነው፣ የሚታከመውን ሰው የሚንከባከበው ማን ነው ተብሎ ይሞላል። ሁለቱ ለየብቻ ከሞሉ በኋላ ወረቀቶቹ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የሚጠቅመው ነገር የሚገኘው ሁለቱ ወረቀቶች በሚለያዩበት ቦታ ነው። እሱ በሞላው ወረቀት ላይ የእናቱ ጠብታ የተጻፈው በቀን አንዴ፣ ማታ ነበር፤ ማታ ሲደረግ ስለሚያይ። በእሷ ወረቀት ላይ አራት ጊዜ ተጽፏል።

የአማት ነገር እዚህ ላይ ዘርዘር መደረግ አለበት፤ የጉዳዩ ልብ እዚያ ነው። እናትየው ከደብረ ብርሃን የመጡት ግንቦት 10 ቀን ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ነው። ሲመጡ የተባለው "ሁለት ሳምንት" ነበር። የሞራ ቀዶ ሕክምና ራሱ አጭር ነው፤ ታካሚው ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። የሚረዝመው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በማግስቱ ምርመራ አለ፣ በሳምንቱ አለ፣ በወሩ አካባቢ አለ። ጠብታው አራት ሳምንት ያህል ይቀጥላል። ሁለቱም ዓይን ሞራ ካለበት ደግሞ አንደኛው እስኪረጋጋ ተጠብቆ ነው ሁለተኛው የሚሠራው። የመጀመሪያው ዓይን ግንቦት መጨረሻ ላይ ተሠራ፣ ሁለተኛው ሰኔ መጨረሻ ላይ። "ሁለት ሳምንት" የተባለው እንግድነት ወደ ሁለት ወር ተኩል ሲያድግ "እስከ መቼ?" የሚለውን ጥያቄ በቤቱ ውስጥ የሚያነሣው ሰው ጠፋ። ሚስት ብትጠይቅ ማባረር ይሆንባታል። ባል ደግሞ እናቱ ናቸው።

ሌላም ነገር ነበር፤ ሚስት ነርስ ናት። ስለዚህ ማንም ሳይነግራት፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ አስታማሚዋ እሷ ሆነች። ለባልም ለእህቱም ይህ ሳይጠየቅ የሚታወቅ ነገር ነበር፤ "ቤት ውስጥ ነርስ እያለች ሌላ ማን ሊያደርገው ነው?" ሙያዋ ሆስፒታል ውስጥ ደመወዝ ያስገኝላታል፤ ቤት ውስጥ ግን ግዴታ ሆነባት። አማት በበኩላቸው ምራታቸው ስትንከባከባቸው እንደ ነርስ ታናግረኛለች ብለው ቅር አላቸው። በመጀመሪያው ሳምንት "እማማ፣ ከሰሉ ላይ አይጎንበሱ፣ እጣኑም ይቅር፣ ጢስ ለዓይንዎ ጥሩ አይደለም" ብላቸው ነበር። ምክሩ ትክክል ነው፤ ከሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት ሳምንታት መጎንበስ፣ ከባድ ነገር ማንሣት፣ ጢስና አቧራ ይከለከላል። እሳቸው የሰሙት ግን "በልጅሽ ቤት ቡና ማፍላት አትችዪም" የሚል ነው። ያንኑ ምክር ልጃቸው ቢነግራቸው ኖሮ ምክር ሆኖ ይቀር ነበር።

የቀን እንቅልፉም ነገር እንዲሁ ነው። እናትየው በሕይወታቸው ጠዋት በ4 ሰዓት የምትተኛ ጤነኛ ሴት አይተው አያውቁም። "ሌሊት ሥራ" የሚለውን ቃል ሰምተዋል፤ ነገር ግን ተረኛ ክፍል ውስጥ ትንሽ ጋደም ትል ይሆናል ብለው አስበው ነበር። በወር ስምንት ሌሊት ቆማ እንደምታድር ልጃቸው ሁለት ጊዜ አስረድቷቸዋል። "ለሚስቱ ያደላል" ብለው ስላሰቡ አልተቀበሉትም። የተሳካው በሌላ ሰው ነው። አማካሪዋ የሚስትን አጎት ትታ የባልን ሚዜ ላከች። ሚዜው አብሮ አደግ ነው፤ እናትየው ሲያድግ ያዩት፣ ልጃቸው የሚያህል ሰው ነው። የሄደውም ለመክሰስ ሳይሆን ቡና ለመጠጣት ነበር፤ በጨዋታ መሃል የባል አባት ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ሌሊቱን ሙሉ ስለምትመላለሰው ነርስ አነሣ። እናትየው ያቺን ነርስ በደንብ ያስታውሷታል። ከዚያ ወዲህ ስለ ቀን እንቅልፍ የተናገሩት የለም።

ሽማግሌዎች የሚጠቅሙት እንዲህ ባለ ቦታ ነው። አማካሪ የባልን እናት ቤቷ ሄዶ ማነጋገር አይችልም፤ ቢሄድ "የቤታችንን ጉድ ለባዳ አወጡት" ይባላል። ሽማግሌ ይችላል። በተቃራኒው ሽማግሌዎች የሌሊት ተረኝነት ሠንጠረዥ ወይም የወር ወጪ ላይ ቁጭ ብለው አይሠሩም። ሁለቱን ሥራ ለሁለቱ መክፈል በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከተደረገው ሁሉ የተሻለው ውሳኔ ነው ማለት ይቻላል።

ሚስት ወደ ቤቷ ከመመለሷ በፊት ሦስት ነገሮች ተወሰኑ። አንደኛ፣ ጠብታው ተከፋፈለ። የጠዋት 1 ሰዓቱንና የማታ 1 ሰዓቱን ባል ያደርጋል፤ የማታ 4 ሰዓቱን በዚያ ሌሊት ቤት ያደረው ሰው። የቀን 7 ሰዓቱን እናትየው ራሳቸው ያደርጋሉ፤ ጋደም ብሎ፣ የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ አድርጎ፣ የጠርሙሱን ጫፍ ዓይን ሳያስነኩ ማንጠባጠብን ሚስት አስተማረቻቸው፤ በሁለት ቀን ለመዱት። ባል ሚስቱ ወላጆቿ ቤት በነበረችባቸው ቀናት ጠብታውን ለማድረግ ሞክሮ የትኛው ጠርሙስ ስንት ጊዜ እንደሆነ ስላላወቀ ሁለት ጊዜ ለሚዜው ሚስት መደወሉን ኋላ ላይ ተናግሯል። ሁለተኛ፣ ሚስት ሌሊት የምታድርባቸው ቀኖች ግድግዳ ላይ ባለ የቀን መቁጠሪያ በቀይ ይከበባሉ፤ ክብ ባለበት ማግስት ቡና ከ10 ሰዓት በፊት አይፈላም። 10 ሰዓት የተመረጠው ሚስት እስከ 9 ተኩል ተኝታ ተነሥታ ራሷ እንድታፈላ ነው። ከሰሉም ወደ ኮሪደር ወጣ። ሦስተኛ፣ እናትየው የሚመለሱበትን ቀን የመቁረጡ ነገር ነበር።

ለእናት የመመለሻ ቀን መቁረጥ አስቸጋሪ ነው። "መቼ ትሄጃለሽ?" ተብሎ አይጠየቅም። የተገኘው መንገድ የሚከተለው ነው፤ የመጨረሻው የሐኪም ቀጠሮ ሐምሌ 24 ነበር፣ የፍልሰታ ጾም ደግሞ ነሐሴ 1 ይገባል። እናትየው ፍልሰታን በየዓመቱ በሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን ኪዳን እያስደረሱ፣ ቅዳሴ እያስቀደሱ ነው የሚያሳልፉት። ልጃቸው ብቻውን፣ ሚስቱ በሌለችበት፣ "እማዬ፣ ፍልሰታን ከደብርሽ እንዳትቀሪ ሐኪሙ እንደጨረሰ እኔው ራሴ አደርስሻለሁ" አላቸው። ሐምሌ 27 ቀን ይዟቸው ሄደ። ነገሩን ሚስት አንሥታው ቢሆን ኖሮ፣ ቃል በቃል ያንኑ ብትናገርም፣ ሌላ ትርጉም ይሰጠው ነበር። ከዚህ ተነሥቶ በሁለቱ መካከል አንድ ሕግ ጸና፦ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ደስ የማይለውን ነገር የሚናገረው የራሱ ልጅ ነው፤ ደስ የሚለውን ደግሞ የሚያደርሰው ሌላኛው።

የሕጉ ሁለተኛ ክፍል የተፈተነው በገንዘብ ላይ ነው። የገንዘቡ ነገር ከአማት መምጣት በፊት የጀመረ ሲሆን የፋሲካውን ጠብ የወለደውም እሱ ነው። በወር የሚገባው ተጣራ ሲባል የእሱ 16,500፣ የእሷ ከተረኝነት ክፍያው ጋር 7,700፣ በጠቅላላው 24,200 ብር ነበር። እሷ በዚህ ገቢ በወር ቢያንስ አራት ሺህ ይቀመጣል ብላ ታስብ ነበር። እሱም ቁጠባ እንዳለ አድርጎ ሲናገር ይሰማል። ወረቀት ላይ ሲወርድ የታየው ሌላ ነው። የቤት ኪራይ 7,500፣ ጤፍና አስቤዛ 6,000፣ ትራንስፖርት 2,000፣ መብራት፣ ውሃ፣ ስልክና እድር 1,000፣ ለእሷ እናት 1,000፣ ለእሱ እናት 2,500። እስከዚህ ሁለቱም የሚያውቁት ነው። እሷ የማታውቀው ሁለት ነገር ቀረ፤ ለታናሽ ወንድሙ የኮሌጅ ክፍያ 1,500 እና ለእቁብ 2,000።

እቁቡ እንደ ቁጠባ ቢመስልም ዕዳ ነበር። ሃያ ሰው ያለበት፣ በመስከረም 2015 የተጀመረ የወር እቁብ ነው። አራተኛው ዙር ላይ፣ በታኅሣሥ፣ እጣው ለእሱ ወጣለትና 40,000 ብሩን ለሠርጉ አዋለው። ከጥር ጀምሮ እስከ ሚያዝያ 2016 ድረስ የሚቀረው 16 ክፍያ ሁሉ ቀድሞ ለተበላ ገንዘብ ነው። ሚስት ባሏ እቁብ እንደሚጥል ታውቃለች፤ እጣው ገና ይመጣል ብላ ትጠብቅ ነበር፣ ለፍሪጅም አስባበት ነበር። እሱ ዋሽቶ አይደለም፤ "መቼ ነው እጣህ?" ብላ ስላልጠየቀችው ዝም አለ። አዲስ ተጋቢዎች ስለ እቁብ ሲነጋገሩ "ትጥላለህ ወይ?" ማለት አይበቃም፤ "እጣህ ወጥቷል ወይ፣ ስንት ይቀርሃል?" መባል አለበት። ለሠርግ ተብሎ ከዘመድ የተወሰደ ብድርም እንዲሁ ነው።

ነገሩን እሷ የሰማችው በሁዳዴ ውስጥ፣ ከእቁቡ አባል አንዱ ሲያወራ ነው። ለባሏ አልነገረችውም። ለታላቅ እህቷ ነገረች፣ እህቷ ለእናታቸው። የፋሲካ ዕለት ኮልፌ ላይ ዶሮው ቀርቦ ሳለ የሚስት እናት አማቻቸውን "እቁቡ እንዴት ነው ታዲያ?" አሉት። ምንም ክፉ ቃል አልነበረበትም፤ እሱ ግን በሰው ገበታ ላይ እንደተገፈፈ ተሰማው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚስቱን የሚያይበት ዓይን ተለወጠ፤ "የምትሰማውን ሁሉ ታወጣለች" የሚለው ክስ የተወለደውም እዚያ ነው።

በዚያ ላይ ሌላ ያልተነገረ ነገር ነበረ። በጥር የሚጋቡ ብዙ ኦርቶዶክሳውያን ጥንዶች ገና ሳይላመዱ ሁዳዴ ይገባባቸዋል፤ በ2015 ጾሙ የገባው የካቲት 13 ነበር፣ ከሠርጋቸው ወር እንኳ አልሞላም። እሷ 55ቱንም ቀን ከምግብም ከመኝታም ትጾማለች። እሱ በጾም ሥጋ አይበላም እንጂ ሌላው አልታሰበውም። ስለዚህ ጉዳይ ከሠርጉ በፊት አንድም ቀን አልተነጋገሩም። እሱ እንደ መገፋት ቆጠረው፤ እሷ መጠየቁን ራሱ እንደ ድፍረት። ኋላ ላይ ሁለቱም አንድ የንስሐ አባት ዘንድ ሄደው የተነገራቸው ቀጥተኛ ነገር ነበር፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 7 ላይ እንዳለው መለያየቱ በሁለቱ ስምምነት የሚሆን ነው፤ አንዱ ወስኖ ሌላው የሚሸከመው አይደለም። ምክሩ ጾሙን አላስቀረም፤ ጾሙ ከመግባቱ በፊት የሚነጋገሩበት አደረገው።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። ከወጪው ሁሉ በኋላ የሚቀረው 700 ብር ነበር። ሚስት ይህን ስታይ የተሰማት ንዴት ሳይሆን እፎይታ ነበር፤ ገንዘቡ ሌላ ሴት ጋ ወይም መጠጥ ላይ አልጠፋም። በአዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በትዳር ጊዜ የሚገኝ ደመወዝ በማንም ስም ይግባ የጋራ ነው ይላል፤ ከ100 ብር በላይ ስጦታ ለመስጠትም የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። 100 ብር ዛሬ የቡናና የሳምቡሳ ዋጋ ነውና ማንም ቃል በቃል አይከተለውም። ነገር ግን ባል "የገዛ ደመወዜ ነው" ሲል ለነበረው ክርክር መልስ ሆኗል።

የተደረሰበት ስምምነት ለቤተሰብ የሚሄደውን ገንዘብ አልቀነሰም። ለሦስቱም የሚሄደው 5,000 ብር እንዳለ ቀረ፤ ግን በግልጽ ተጻፈ፣ "የቤተሰብ" ተብሎ አንድ መስመር ሆነ፣ ከዚያ በላይ ለሚመጣ ጥያቄም ወሰን ተበጀለት። እስከ 500 ብር እያንዳንዱ በራሱ ይወስናል። ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የለቅሶና የሕመም ካልሆነ በቀር፣ ለጠያቂው የሚሰጠው መልስ "ነገ እደውልላችኋለሁ" ነው። "ከሚስቴ ልማከር" እንዳይባል የተመከሩት ሆን ተብሎ ነው፤ እንዲህ ከተባለ ነገ የሚነገረው እምቢታ የሚስቲቱ ሆኖ ይቆጠራል።

ከዚያ ደግሞ ለባል እናት የሚላከው 2,500 ብር ከሚስት ስልክ በቴሌብር እንዲላክ ተደረገ። ለሚስት እናት የሚሄደውን 1,000 ደግሞ ባል ኮልፌ ሲሄድ በእጁ ይሰጣል። በነሐሴ የባል እናት ለምራታቸው ደውለው መረቁ፤ ከግንቦት ወዲህ ሳይጠሩ የደወሉላት የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ይሁንና ይህ ዘዴ የራሱ አደጋ አለው፣ ሳይቆይም ታየ። በመስከረም 2016 የበዓሉና የወንድምየው የምዝገባ ወጪ ተደራርቦ ገንዘቡ በአሥር ቀን ዘገየ። ድሮ ሲዘገይ "ልጄ ቸግሮት ነው" የሚሉት እናት አሁን "ቆረጠችብኝ" አሉ። ማስተካከያው፣ ገንዘቡ የሚዘገይ ከሆነ አስቀድሞ የሚደውለው ባል እንዲሆን ነው። ስጦታ ከምራት፣ መርዶ ከልጅ። ይህን ከመጀመሪያው ማሰብ ይገባ ነበር፤ ሕጉ ቀድሞ ተቀምጦ ነበርና።

በሚስት ወገንም ያው ሕግ ዋጋ አስከፈለ። ሁለቱ ከተጋቡ ጀምሮ እሑድ ምሳ ኮልፌ ነበር። እሷ ተረኛ በሆነችበት እሑድ እንኳ እሱ ብቻውን ይጠበቃል፤ ካልሄደ ይደወላል። እሱ ደግሞ በሳምንት ያለው የዕረፍት ቀን ይኸው አንድ ነው፤ ልብስ የሚያጥበው፣ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሮቶና ጀሪካን የሚሞላው በዚያ ቀን ነው። በወር ሁለት እሑድ እንዲሆን ሁለቱ ተስማሙ። ለእናቷ የተናገረችው እሷ ናት። እናትየው "ባልሽ ነው ያስቀረሽ" ብለው ለሦስት ሳምንት አኮረፉ። ሚስት "እኔ ነኝ ያልኩት" የሚለውን ደጋግማ ተናገረች፤ የዚህ ዓይነቱ ነገር ውጤት በአንድ ንግግር አይመጣም። በአራተኛው ሳምንት እናትየው ራሳቸው ቆጮና ክትፎ አስይዘው ላኩ።

ወሬ የማውጣቱ ነገር ከሁሉም በከፊል ብቻ የተፈታው ነው። ሚስት ከእህቷ ጋር የምታወራውን እንድትተው አልተጠየቀችም፤ ሊሆንም አይችልም፣ የልጅነት ጓደኛዋ ናት። የተስማሙት በሁለት ነገር ላይ ነው፤ ባል ሳይሰማው ለቤተሰብ የሚነገር ነገር እንዳይኖር፣ እና ገንዘብና መኝታ ከሁለቱ ውጭ እንዳይወጣ። የመጀመሪያውን አንዳንዴ ታፈርሳለች። ሁለተኛውን እስካሁን ጠብቃለች። እሱም በራሱ በኩል አንድ ግዴታ ገባ፤ ከእህቱ ወይም ከእናቱ ስለ ሚስቱ የሰማውን ነገር ማታ ቤት ሳይገባ በስልክ እንዳያነሣው። ይህን በኅዳር አንድ ጊዜ ጥሶታል፣ ከዚያ ወዲህ ጠብቋል።

ይህ መንገድ ለዚህ ቤት የሠራው በሁለቱ መካከል ዱላ ስላልነበረ፣ ገንዘቡም የተደበቀው በማፈር እንጂ በተንኮል ስላልሆነ ነው። እጅ በሚነሣበት ቤት ሠንጠረዥ መሙላትም ሆነ ሽማግሌ መጥራት የሚቀድም ሥራ አይደለም፤ የሚቀድመው የተመታው ሰው ደኅንነት ነው። ባል ደመወዙን ጭራሽ አላሳይም ቢል ኖሮም የወጪው ዝርዝር በሁለት ሰው አይሠራም ነበር።

በጥር 2016 ዓመቱ ሲሞላ ያልተስማሙበት አንድ ትልቅ ነገር ቀርቷል። እቁቡ በሚያዝያ ያልቃል፤ በወር 2,000 ብር ነፃ ይወጣል። እሷ ተጨምሮበት ባለ ሁለት መኝታ እንከራይ ትላለች፤ እናቱ ለዓመቱ የዓይን ምርመራ ሲመጡ የሚያድሩበት ክፍል ይኖራል፣ እሷም በሰላም ትተኛለች። እሱ የወንድሙ የመጨረሻ ዓመት እስኪያልቅ ቁጠባ ይቀመጥ ባይ ነው። ለመነጋገሪያ የቀጠሩት በመጋቢት፣ እሷ ሌሊት በማታድርበት ሳምንት ነው፤ እናትየው የሚመጡት ደግሞ በግንቦት ሲሆን የሚመለሱበት ቀን ከመምጣታቸው በፊት በልጃቸው አፍ ተነግሯቸዋል።